የሴት ብልት እያቃጠለ ምርመራው «ምንም የለም» ሲል

«ካቃጠለ ኢንፌክሽን ነው፤ ያለፈው ካልሠራ ሌላ መድኃኒት ይሰጠኝ።»

ማቃጠል ከብዙ ነገር ይመጣል። ጤና ጣቢያ ላይ ፈሳሽ አለኝ ያለች ሴት አብዛኛውን ጊዜ የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጠበቅ በምልክቷ ትታከማለች፤ ሜትሮኒዳዞል፣ የፈንገስ መድኃኒቱ ክሎትሪማዞል እና ሌሎችም ይሰጧታል። ይህ አሠራር የተዘጋጀው ፈሳሽ ላለባት ሴት ነው። ፈሳሽ ለሌላት፣ የሚያቃጥላት ብቻ ለሆነች ሴት ያንኑ መደጋገም አይጠቅምም፤ እንዲያውም አንዳንዱ ቅባት ራሱ ቆዳውን ያስቆጣል።

አንዲት የ26 ዓመት ሴት ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን ለምርመራ መጣች እንበል። ማቃጠሉ ከጀመራት 5 ወር ሆኗታል። ፈሳሽም ማሳከክም የላትም፤ ከባሏ ጋር ስትገናኝና ጠበቅ ያለ ሱሪ ስትለብስ ግን እንደ በርበሬ ይለበልባታል። የክሎትሪማዞል ቅባት 3 ጊዜ ተጠቅማለች። ቅባቱን ካቆመች ቢያንስ 2 ሳምንት ካልሞላት የፈንገስ ምርመራዋ በሐሰት ነጻ ሊወጣ ስለሚችል ናሙናው ከዚያ በኋላ ቢወሰድ ይሻላል።

ናሙናው የሚወሰደው ከብልቷ ውስጥ፣ ከጎን ግድግዳው ነው። የአሲድነቱ መለኪያ ቁጥር፣ ፒኤች፣ በመለኪያ ወረቀት ሲታይ በእሷ ዕድሜ 4.5 ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። ቁጥሩ ከፍ ካለ የባክቴሪያ መዛባት ወይም ትሪኮሞናስ የተባለ ጥገኛ ጀርም ይጠረጠራል። አንዱ ጠብታ ከጨው ውሃ ጋር፣ ሌላው ከ10% ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ተቀላቅሎ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ የመጀመሪያው ለትሪኮሞናስና ለባክቴሪያ፣ ሁለተኛው ለፈንገስ ነው። ትሪኮሞናስ የሚለየው በእንቅስቃሴው ስለሆነ ናሙናው ከቀዘቀዘ አይገኝም፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ስላይዱ ጠረጴዛ ላይ ሊቆይ አይገባም። ፈንገስም ቢሆን በማይክሮስኮፕ ብዙ ጊዜ ያመልጣል፤ ጥርጣሬው ካልጠፋ ጀርሙን በላቦራቶሪ የማሳደግ ምርመራ፣ ካልቸር፣ ይሠራል።

«ምርመራው ነጻ ከሆነ በሽታ የለብሽም፤ ሐሳብ ነው።»

ነጻ ውጤት የሚለው የተፈለገው ጀርም አልተገኘም ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ዐይን መሥራት አለበት። ሐኪሙ በጥሩ ብርሃን ቁስል፣ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ፣ ነጭና የተጨማደደ ቆዳ፣ የግርዛት ጠባሳ መኖሩን ያያል። የምታጠባ ወይም የወር አበባዋ የቆመ ሴት ከሆነች የኢስትሮጅን ማነስ ያመጣው ድርቀት መሆኑ ይጣራል።

ይህ ሁሉ ከሌለና ሕመሙ 3 ወር ወይም ከዚያ በላይ ከቆየ ቮልቮዳይኒያ ይባላል። በደም ወይም በአልትራሳውንድ አይታይም። ቦታውን የሚያሳየው በውኃ የረጠበ ጥጥ ነው። ብልትን ከፍቶ የሚያሳየው መሣሪያ፣ ስፔኩለም፣ አስቀድሞ ከገባ ቦታውን ስለሚያስቆጣ የጥጡ ምርመራ መቅደም አለበት፤ በጥድፊያ ላይ በብዛት የሚሳተው ይኸው ነው።

ጥጡ መጀመሪያ የሚነካው ጭኗን ነው፣ ንክኪው ምን እንደሚመስል እንድታውቅ። ከዚያ የውጭ ከንፈሮችን፣ በከንፈሮቹ መካከል ያለውን እጥፋት፣ በመጨረሻም የብልት መግቢያውን ዙሪያ እንደ ሰዓት ገጽ እየዞረ ቀለል አድርጎ ይነካል፤ 12 ወደ ሆድ፣ 6 ወደ ፊንጢጣ። በየነጥቡ ከ0 እስከ 10 ቁጥር ትሰጣለች። ተጭኖ መንካት ጤነኛዋንም ስለሚያሳምም ውጤቱን ያበላሻል።

የመሐል ሜዳዋ ሴት ጭንና የውጭ ከንፈር ላይ 0፣ በሰዓቱ 2 እና 10 ቦታ ላይ 2፣ በ4፣ በ6 እና በ8 ቦታ ላይ ግን 8 ብትል ሕመሙ በመግቢያው ላይ የተወሰነ፣ ሲነካ የሚቀሰቀስ ነው ተብሎ ይጻፋል። ሳይነካ የሚያቃጥልና መላውን ብልት የሚያዳርስ ዓይነትም አለ። በመጨረሻ በአንድ ጣት የዳሌ ወለል ጡንቻዎቿ ይዳሰሳሉ፤ ተኮማትረው የሚያሙ ከሆነ ከቅባት ይልቅ ጡንቻን የማላላት ሕክምና ይበልጥ ይጠቅማታል። ጥጥ ሲነካ የሚያምን ቦታ በሐሳብ ነው ማለት አይቻልም፤ የነርቮቹ ስሜት ከልክ በላይ ተስሏል። ጭንቀት ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላል፣ ያ ግን ሌላ ነገር ነው።

«ብርድ ነው፤ ወይባ ብትሞቂ ይለቅሻል።»

ብርድ ይህን ሕመም አያመጣም። የወይባ ጢስና ሙቀት፣ እንዲሁም ዴቶል፣ ሎሚና መዓዛ ያለው ሳሙና ቆዳውን ያደርቁታል፣ ያቀሉታልም። ከምርመራው በፊት ከተደረጉ ሐኪሙ የሚያየው መቅላት ከእነሱ ይሁን ከበሽታ መለየት ያቅተዋል። በንጹሕ ውኃ መታጠብ ይበቃል።

«ከሥጋው ተቆርጦ ካልታየ አይታወቅም።»

ቆዳው ጤነኛ መስሎ ከታየ መቁረጥ አያስፈልግም፤ ቮልቮዳይኒያን የሚያረጋግጥ የባዮፕሲ ውጤት የለም። ነጭ ንጣፍ፣ የማይድን ቁስል፣ እብጠት ወይም የቀለም ለውጥ ሲኖር ግን ናሙና መወሰድ አለበት፤ ያኔ የሚፈለገው ላይክን ስክለሮሰስ የተባለ የቆዳ በሽታ ወይም ካንሰር ነው።