ለቅርብ ወራት የሚያደላ ተንቀሳቃሽ አማካይ በጤና ጣቢያ የመድኃኒት መጋዘን

በኤክስፖነንት የሚመዝን ተንቀሳቃሽ አማካይ ወር በወር ከሚመዘገብ አኃዝ ተነሥቶ አሁን ያለንበትን ደረጃ ለመገመት የሚያገለግል ስሌት ነው። ተራው የስድስት ወር አማካይ ስድስቱንም ወራት እኩል ያያቸዋል። ይኸኛው ግን ትልቁን ድርሻ ለመጨረሻው ወር ይሰጥና ወደ ኋላ በተሄደ ቁጥር ድርሻውን በአንድ ዓይነት ምጥጥን እየቀነሰ ይሄዳል። አሮጌ ወር በአንድ ቀን ከስሌቱ አይወጣም፤ ቀስ በቀስ ይደክማል እንጂ።

ዘዴው ለክምችት ቁጥጥር የዋለው በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ሮበርት ብራውን የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ ለአገሩ ባሕር ኃይል የመለዋወጫ ዕቃ ፍላጎት መተንበያ አድርጎ አዳብሮታል። ቻርልስ ሆልት በ1957 እያደገ ወይም እየቀነሰ ለሚሄድ አኃዝ የሚሆን ዓይነት ጨመረበት። በ1959 ደግሞ ሮበርትስ በፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ላይ አዋለው። እዚህ የሚታየው ከመነሻው ሥራ ብዙም ያልራቀው አጠቃቀም ነው፤ የጤና ጣቢያ መጋዘን በሚቀጥሉት ወራት ስንት መድኃኒት እንደሚያስፈልገው መገመት።

ስሌቱ እንዴት ይሠራል

የሚያስፈልጉት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ ያለፈው ግምትና የወሩ ትክክለኛ ፍጆታ። ከፍጆታው ላይ ግምቱ ይቀነሳል። የተገኘው ልዩነት አልፋ በሚባል ከ0 እስከ 1 ባለ ቁጥር ይባዛል፤ ውጤቱ ባለፈው ግምት ላይ ሲደመር አዲሱ ግምት ይሆናል። ስለዚህ አልፋ የሚወስነው ግምቱ ከተሳሳተው ውስጥ ምን ያህሉን በዚህ ወር እንደሚያርም ነው። በኤክሴል ፍጆታው በB፣ ግምቱ በC ዓምድ፣ አልፋ ደግሞ በF1 ሳጥን ቢቀመጥ ቀመሩ ይህ ነው፦

```
=C4+$F$1*(B5-C4)
```

አልፋ 0.3 ሲሆን የመጨረሻው ወር 30 በመቶ፣ ከእሱ በፊት ያለው 21 በመቶ፣ ሦስተኛው 14.7 በመቶ ድርሻ ይይዛል። እያንዳንዱ ከእሱ በፊት የተጠቀሰው 0.7 እጅ ነው። የመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት አንድ ላይ 88 በመቶ ያህሉን ሲይዙ የቀረው ለቆዩት ሁሉ ይደርሳል።

ለምሳሌ የአሞክሲሲሊን ፍጆታ በፓኮ እንዲህ ነው እንበል፦ መስከረም 120፣ ጥቅምት 110፣ ኅዳር 130፣ ታኅሣሥ 140፣ ጥር 150፣ የካቲት 160፣ መጋቢት 155። መነሻ ግምት ያስፈልጋልና የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አማካይ 120 ይወሰድ። ታኅሣሥ ከግምቱ በ20 በለጠ፤ የ20 ሦስት አሥረኛ 6 ስለሆነ አዲሱ ግምት 126 ነው። ጥር ከ126 በ24 ይበልጣልና ግምቱ ወደ 133.2 ያድጋል። የካቲት 141.2 ያደርሰዋል፤ መጋቢት 145.4።

ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያሉት ስድስት ወራት ተራ አማካይ 140.8 ነው። የሚመዝነው አማካይ ጭማሪውን ከእሱ ቀድሞ አይቶታል፤ ያም ሆኖ ከየካቲትና ከመጋቢት ፍጆታ ገና በታች ነው። ይህ ወደ ኋላ መቅረት የዘዴው ጠባይ ነው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ከግምቱ ወደ ጥያቄ ማለፉ ቀላል ነው። በኢትዮጵያ የተቀናጀው የመድኃኒት አቅርቦት ሥርዓት ጤና ጣቢያ በየሁለት ወሩ ሪፖርትና ጥያቄ ያቀርባል፤ ከፍተኛው ክምችቱም የአራት ወር ፍጆታ ነው። 145.4 በ4 ሲባዛ 582 ፓኮ ገደማ ይመጣል። በመጋዘንና በማከፋፈያ ክፍል ያለው ከዚህ ተቀንሶ የቀረው ይጠየቃል።

በፓንዳስ ለሚሠራ ሰው አንድ ማሳሰቢያ አለ። እዚህ የተገለጸው ስሌት `ewm(alpha=0.3, adjust=False).mean()` ነው፤ ነገር ግን መነሻው የመጀመሪያው ወር አኃዝ ብቻ ይሆናል። `adjust` ካልተጻፈ ደግሞ ፕሮግራሙ ክብደቶቹን ባሉት ወራት ልክ አስተካክሎ ስለሚያሰላ የመጀመሪያዎቹ ወራት ውጤት ከኤክሴሉ ጋር አይገጥምም። ወራቱ ሲበዙ ልዩነቱ ይጠፋል።

አልፋን መምረጥ

ለወርኃዊ የመድኃኒት ፍጆታ ከ0.1 እስከ 0.3 ያለው የተለመደ መነሻ ነው። ትልቅ አልፋ ለለውጥ ፈጥኖ ይነቃል፤ ግን በአንድ ወር ድንገተኛ ጭማሪም ይደናገጣል። ትንሽ አልፋ ይረጋጋል፤ እውነተኛ ለውጥ ሲመጣ ግን ይዘገያል። ምርጫው በግምት መሆን የለበትም። ያለፉት 24 ወራት መዝገብ ካለ በ0.1፣ በ0.2 እና በ0.3 ለየብቻ ይሰላና እያንዳንዱ ግምት ከቀጣዩ ወር ትክክለኛ ፍጆታ ጋር ይነጻጸራል። የመደመርና የመቀነስ ምልክቱ ተትቶ የስሕተቶቹ አማካይ ይወሰድ፤ ትንሹን የሰጠው አልፋ ይመረጣል። ንጽጽሩ ከቀጣዩ ወር ጋር መሆኑ ግድ ነው፤ ግምቱ ራሱ ከተሠራበት ወር ጋር ቢነጻጸር ሁልጊዜ ትልቁ አልፋ ያሸንፋል።

ምርጫው ለሁሉም መድኃኒት አንድ መሆን የለበትም። ዘወትር የሚወጣ የደም ግፊት መድኃኒት በ0.1 ጥሩ ሆኖ ሲገመት፣ አዲስ የሕክምና መመሪያ የወጣለት መድኃኒት ለጥቂት ወራት 0.3 ሊያስፈልገው ይችላል።

መድኃኒት ያለቀበት ወር

ከሁሉም የሚብሰው ስሕተት የሚገባው በአልፋ በኩል አይደለም። የሚገባው መድኃኒቱ አልቆ በነበረበት ወር የተመዘገበ አኃዝ እንደ ፍላጎት ሲቆጠር ነው። ከላይ ያለውን ምሳሌ እንቀጥል። ሚያዝያ ላይ አሞክሲሲሊን ለ12 ቀን ጠፋ፤ በቀሩት 18 ቀናት 90 ፓኮ ወጣ። 90 እንዳለ ከገባ ግምቱ ከ145.4 ወደ 128.8 ይወርዳል። ሕሙማኑ ግን አልቀነሱም፤ መድኃኒት አጥተው ነው የተመለሱት።

እርማቱ ፍጆታውን መድኃኒቱ በነበረባቸው ቀናት አካፍሎ በወሩ ቀናት ማባዛት ነው፤ 90 ለ18 ሲካፈል በቀን 5 ይሆናል፣ በ30 ሲባዛ 150። በዚህ አኃዝ ግምቱ 146.8 ይሆናል። የሁለቱ ግምቶች ልዩነት በወር 18 ፓኮ ነው፤ በአራት ወር ክምችት ላይ 72 ፓኮ። ያልታረመው አኃዝ ጥያቄውን ያሳንሳል፣ ያነሰው ጥያቄ መድኃኒቱን ይበልጥ ለረጅም ጊዜ ያስጠፋል፣ የሚቀጥለው ግምትም ከዚያ ያነሰ ይሆናል። ለቅርብ ወር ማድላቱ እዚህ ላይ ጉዳቱን ያባብሳል፤ በስድስት ወር ተራ አማካይ ሚያዝያ የሚይዘው አንድ ስድስተኛ ሲሆን በአልፋ 0.3 ግን ከሩብ በላይ ነው።

መድኃኒቱ ከወሩ ግማሽ በላይ ከጠፋ እርማቱም አስተማማኝ አይሆንም። በጥቂት ቀናት የወጣው ብዙ ጊዜ የተጠራቀመ ፍላጎት ነውና ሲባዛ ይጋነናል። ወሩን ሙሉ ከጠፋ ደግሞ ዜሮ አይገባም፤ ወሩ ይዘለልና ያለፈው ግምት እንዳለ ይቀጥላል።

ማጣሪያው የመድኃኒቱ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚጻፍበት ቢን ካርድ ነው። ቀሪ ሒሳቡ ዜሮ የሆነበት ቀንና ቀጣዩ ገቢ የተመዘገበበት ቀን በመካከላቸው የጠፋበትን ጊዜ ያሳያሉ። ካርዱ በየዕለቱ ካልተሞላ ይህ መረጃ የለም፤ ከዚያ በኋላ የትኛውም ቀመር አይመልሰውም። በካርዱ ላይ ወጪ የሆነ ሁሉ ፍጆታ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ለሌላ ተቋም የተዛወረና ጊዜው አልፎ የተወገደ መድኃኒት ከአኃዙ ይወጣል።

ጳጉሜን

በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚሠራ መዝገብ ሌላ ወጥመድ አለበት። ጳጉሜን ብቻዋን እንደ ወር ከገባች፣ በወር 150 ፓኮ የሚወጣለት መድኃኒት በአምስት ቀን 25 ያህል ብቻ ይመዘገብለታል፤ ግምቱም 150 ከነበረ በአንድ ጊዜ ወደ 112.5 ይወድቃል። ከነሐሴ ጋር ብትደመር ደግሞ ነሐሴ 35 ቀን ኖሮት 175 ሆኖ ይታያል። ትክክለኛው መንገድ ከደመሩ በኋላ ወደ 30 ቀን መመለስ ነው፤ 175 ለ35 ተካፍሎ በ30 ሲባዛ 150 ይሆናል። ጳጉሜን ስድስት ቀን በምትሆንበት ዓመት አካፋዩ 36 ነው። ወሩን ከ21 እስከ 20 የሚቆጥር ተቋም ጳጉሜን የምትወድቀው በመስከረም ሪፖርት ውስጥ ስለሆነ እርማቱም እዚያው ይደረጋል።

ዘዴው የማይችለው

ፍጆታ በየወሩ በ10 ፓኮ እያደገ ከቀጠለ የአልፋ 0.3 ግምት ከቀጣዩ ወር ፍጆታ ወደ 33 ፓኮ ዝቅ ብሎ ይረጋል፤ ጭማሪው ለአልፋ ሲካፈል ማለት ነው። ምልክቱ ስሕተቶቹ ሁሉ በአንድ ወገን መሆናቸው ነው። በምሳሌያችን ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት አራቱም ወራት ከግምቱ በላይ ነበሩ። አራት ወር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ግን ስድስት ወይም ሰባት ወር ተከታትሎ ቢሆን አልፋን መጨመር ሳይሆን የወርኃዊ ጭማሪውን ለብቻ ወደሚገምተው የሆልት ዘዴ ማለፍ ይሻላል።

ወቅት ያለው መድኃኒት ከዚህም ይከፋል። በኢትዮጵያ ዋናው የወባ ወቅት ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። በነሐሴ የተሠራ ግምት ዝቅ ያሉትን የክረምት ወራት ይዞ ትንሽ ያዛል፤ በታኅሣሥ የተሠራው ደግሞ የወረርሽኙን ወራት ይዞ ብዙ ያዛል፤ ያኔ ወቅቱ እያለፈ ነው። የወባ መድኃኒት የአጠቃቀም ዘመኑ አጭር ስለሆነ የተረፈው በመደርደሪያ ላይ ጊዜው ያልፍበታል። ለእንዲህ ያለው መድኃኒት ያለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ከባለፈው ወር የተሻለ መሪ ነው። የሁለት ወይም የሦስት ዓመት መዝገብ ካለ የእያንዳንዱ ወር ፍጆታ ለዓመቱ ወርኃዊ አማካይ ይካፈልና የወሩ መለኪያ ይገኛል፤ አኃዞቹ መጀመሪያ በዚህ መለኪያ ተካፍለው ወደ ስሌቱ ይገባሉ፣ የወጣው ግምት ደግሞ በሚመጣው ወር መለኪያ ይባዛል።

በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ለሚወጣ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ለእባብ መርዝ ማርከሻ፣ ይህ አማካይ አይሠራም። ከወጣ በኋላ ባለው ወር ግምቱ ይዘላል፣ ከዚያ ወደ ዜሮ ይሟሽሻል። እንዲህ ያሉት መድኃኒቶች በፍጆታ ሳይሆን በመጋዘን ሊጠፋ በማይገባ ቋሚ ዝቅተኛ ብዛት ይያዛሉ።