ከሰል፣ ጋዝ ወይስ ኤሌክትሪክ? የአንድ ድስት ወጪ ሲሰላ

የማብሰያ ወጪ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያወዳድረው የመግዣ ዋጋን ነው። ከሰል በኪሎ ስንት ነው፣ ሲሊንደር ማስሞላት ስንት ያስወጣል፣ የመብራት ስንት መጣ። እነዚህ ቁጥሮች ብቻቸውን ብዙም አይናገሩም። ትክክለኛው መለኪያ ድስቱ ውስጥ የገባው ሙቀት ነው።

አንድ መካከለኛ ድስት እንውሰድ። 3 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነስቶ እንዲፈላ 1 ሜጋጁል ገደማ ሙቀት ይፈልጋል። እስኪበስል መንተክተኩን ስንጨምር 2 ሜጋጁል እንበል።

አንድ ኪሎ ደረቅ ከሰል 29 ሜጋጁል ያህል ይይዛል። ተራ የብረት ምድጃ ግን ለድስቱ የሚያደርሰው ከዚህ አንድ አምስተኛውን ቢሆን ነው። ስለዚህ ለድስታችን 350 ግራም ገደማ ከሰል ያልቃል። ጋዝ በኪሎ 46 ሜጋጁል አለው፤ ከግማሽ የሚበልጠውም ድስቱ ጋ ይደርሳል። 80 ግራም ይበቃል። በኤሌክትሪክ ምድጃ ከሚገባው ኃይል 70 በመቶው ድስቱን ቢያሞቅ 0.8 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ስሌት ይወጣል። 1 ኪሎ ጋዝ ከ4 ኪሎ በላይ ከሰልን ወይም 10 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክን ይተካል። የጋዙ ኪሎ ዋጋ ከከሰሉ ኪሎ ዋጋ አራት እጥፍ በታች ከሆነ፣ በጋዝ ማብሰል ይረክሳል። በአንድ ኪሎ ከሰል ዋጋ ከ2.3 ኪሎዋት ሰዓት በላይ የሚገዛ ከሆነ ደግሞ ኤሌክትሪክ ከከሰል ይሻላል።

ምድጃው ሲቀየር ግን ስሌቱም ይቀየራል። ሙቀት የሚይዝ የተሻሻለ የከሰል ምድጃ 35 በመቶውን ለድስቱ ካደረሰ፣ ያው ምግብ በ200 ግራም ከሰል ይበስላል።

ከሰልን በጣም የሚያስወድደው ከማብሰሉ በፊትና በኋላ የሚነደው ነው። ጋዝና ኤሌክትሪክ ሲዘጉ ወጪያቸው ወዲያው ይቆማል። ከሰል ግን ድስቱ ከወረደ በኋላም መንደዱን ይቀጥላል። ለአጭር ማብሰያ፣ ለምሳሌ ሻይ ለማፍላት፣ ከሰሉ እስኪቀጣጠል የሚባክነው ራሱ ከሚፈለገው ሙቀት ሊበልጥ ይችላል። በአንድ ማንደጃ ሁለት ሦስት ድስት ተራ በተራ ከተጣደ ግን ወጪው ይከፋፈላል።

በሦስቱም ላይ እኩል የሚጎዳው ክዳን መተው ነው። አንድ ሊትር ውሃ ተንኖ ለመጥፋት 2.26 ሜጋጁል ይፈልጋል። ይህ ለሙሉ ድስታችን ካሰብነው ሙቀት ይበልጣል።

የራስን ቤት ወጪ ማወቅም ቀላል ነው። ከሰሉን ከማብሰል በፊት መመዘን፤ ሲያበቃ የተረፈውን አፍኖ አጥፍቶ እንደገና መመዘን። ሲሊንደሩን በሳምንቱ መጀመሪያና መጨረሻ መዝኖ ልዩነቱን ለተበሰሉት ድስቶች ማካፈል። ለኤሌክትሪክ ሌላው ነገር ጠፍቶ ቆጣሪውን ማንበብ ይበቃል። የመብራት ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የሚወደድ ከሆነ፣ ማብሰያው የሚሰላው በአማካይ ሳይሆን በመጨረሻው፣ ማለትም ውድ በሆነው እርከን ዋጋ ነው።