ጂበረሊን፦ ሰብል የሚያስረዝመው ሆርሞንና የአጫጭር ስንዴዎች ነገር

ጂበረሊን እፅዋት ራሳቸው የሚሰሩት ሆርሞን ነው፣ መጀመሪያ የተገኘው ግን ከተክል ሳይሆን ከፈንገስ ነው። ጃፓን ውስጥ ሩዝን የሚያጠቃ አንድ በሽታ ነበር፣ የተያዘው ችግኝ ከጓደኞቹ በላይ ቀጥኖና ገርጥቶ ይመዘዝና ፍሬ ሳይሰጥ ይወድቃል። በ1926 (እ.ኤ.አ.) ኩሮሳዋ የተባለ ተመራማሪ ታይዋን ሆኖ ፈንገሱ ያደገበትን ፈሳሽ ብቻ ለጤነኛ ሩዝ ሲሰጠው ሩዙ እንደዛው ተመዘዘ፣ ስለዚ የሚያስረዝመው ፈንገሱ የሚያመነጨው ኬሚካል ነው ማለት ነው። በኋላ ያቡታ የሚባል ሌላ ጃፓናዊ በ1935 ጂበረሊን ብሎ ስም አወጣለት። እስካሁን ከ130 በላይ አይነት ይታወቃል፣ እድገት ላይ በቀጥታ የሚሰሩት ግን ጥቂቶቹ ናቸው።

አሰራሩን ለመረዳት አንድ ነገር መያዝ በቂ ነው፣ ጂበረሊን እድገትን ራሱ አይገፋም፣ እንደ መኪና ፍሬን እድገቱን የያዘውን ነገር ነው የሚያነሳው። ሴሉ ውስጥ ዴላ የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ፣ ፍሬኑ እነሱ ናቸው፣ ስራቸው የእድገት ጂኖች እንዳይሰሩ አግቶ መያዝ ነው። ጂበረሊን ሲመጣ መጀመሪያ ተቀባይ የሚባል ሌላ ፕሮቲን ላይ ይቀመጣል፣ ከዛ ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው ዴላን ይይዙታል፣ የተያዘው ዴላ ምልክት ይደረግበትና ሴሉ አፍርሶ ያስወግደዋል። በአንጓና በአንጓ መሀል ያሉ ሴሎች ያኔ ይበዛሉ፣ ግድግዳቸውም ላልቶ ወደ ላይ ይለጠጣሉ፣ አገዳው የሚረዝመው እንዲህ ነው።

ዘር ላይም ያው ነገር ነው። የተኛ ዘር ውስጥ አብሲሲክ አሲድ የሚባለው ሆርሞን ያይላል፣ እንዳይበቅል ይዞት ይቆያል፣ እርጥበቱና ሙቀቱ ሲመቸው ደግሞ ጂበረሊን እየበዛ እሱ እየቀነሰ ይሄዳል። ጂበረሊን መስራት የማይችሉ አንዳንድ ተክሎች ዘራቸው ሆርሞኑ ከውጭ ካልተሰጠው ጭራሽ አይበቅልም። ገብስ ላይ ነገሩ በደንብ ይታያል፣ ብቅል ስናበቅል ገብሱን የምንነክረው ለዚሁ ነው፦ ፅንሱ ጂበረሊን ይልካል፣ ከልጣጩ ስር ያለው ስስ ንጣፍ (አሊዩሮን ይባላል) ያን ሲያገኝ አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ያወጣል፣ ኢንዛይሙ ስታርቹን ወደ ስኳር ይቆርጠዋል። ብቅል የሚጣፍጠው ለዛ ነው፣ አንዳንድ የብቅል ፋብሪካዎችም ስራው እንዲፈጥን ትንሽ ጂበረሊን ይጨምራሉ።

አሁን ወደ አጭሩ ስንዴ። የድሮ ረጃጅም ስንዴ ማዳበሪያ ሲጨመርለት ዛላው ይከብድና አገዳው አልችል ብሎ ይጋሸባል፣ ማዳበሪያው ምርት ከማብዛት ይልቅ ኪሳራ ይሆናል። ጃፓን ውስጥ በ1935 የወጣው ኖሪን 10 የተባለው ስንዴ ግን አጭር ነበር። ዘሩ በ1946 ወደ አሜሪካ ሄደ፣ ዋሽንግተን ስቴት ላይ ኦርቪል ቮግል የተባለ ተመራማሪ አዳቀለው፣ ከሱ ደግሞ ስንዴ አዳቃዩ ኖርማን ቦርሎግ ወስዶ ሜክሲኮ ላይ ሰራበት፣ በ1966 ህንድ ብቻ 18,000 ቶን የሜክሲኮ ስንዴ ዘር አስገባች። እኛም አገር ኩብሳን የመሰሉ የስንዴ ዝርያዎች የመጡት ሜክሲኮ ካለው የስንዴና የበቆሎ ምርምር ማዕከል ከሲሚት ነው።

ለምን እንዳጠረ በጂን ደረጃ የታወቀው በ1999 ነው። ኖሪን 10ን ያሳጠሩት ሁለት ጂኖች የዴላ ጂኖች ናቸው፣ ተበላሽተው የሚወጣው ፕሮቲን የፊተኛው ጫፉ የለም፣ ጂበረሊንና ተቀባዩ የሚይዙት ደግሞ ያንን ጫፍ ነው። ስለዚ ሆርሞኑ ሞልቶ እያለ ፍሬኑ አይነሳም። የዳቦ ስንዴ ግን የዚህ ጂን ሶስት ቅጂ ስላለው አንዱ ቢበላሽ ሌሎቹ ይሰራሉ፣ ተክሉ ድንክ ሳይሆን መካከለኛ አጭር ይሆናል።

በ1966 የወጣው አይአር8 የተባለው አጭር ሩዝ ታሪኩ ሌላ ነው። እሱ ላይ ፍሬኑ ጤነኛ ነው፣ የጎደለው ጂበረሊኑ ነው፣ ሆርሞኑን ከሚሰሩት ኢንዛይሞች አንዱ ተበላሽቷል። ሁለቱን መለየት ቀላል ነው፣ ችግኞቹን ጂበረሊን መስጠትና ጥቂት ቀን ቆይቶ መለካት፦ ሩዙ ይረዝማል፣ የኖሪን ጂን ያለው ስንዴ ግን እምብዛም አይነቃነቅም። አዳቃዮች ጂኑ መኖሩን በዚህ ይለዩት ነበር።

የስንዴው መንገድ የሚያስከፍለው ዋጋ አለው፣ ይሄ ብዙ ጊዜ አይነሳም። ፍሬኑ አገዳው ላይ ብቻ ሳይሆን ቡቃያው አፈር እስኪወጣ የሚሸፍነውን ሽፋንም ያሳጥረዋል። ደረቅ ቦታ ላይ እርጥበት ፍለጋ 8 ሴንቲ ሜትር አካባቢ አስጠልቀው ሲዘሩት ሽፋኑ ላይኛው አፈር ሳይደርስ ያልቅና ቅጠሉ መሬት ውስጥ ተጣጥፎ ይቀራል። ማሳው ሳስቶ ሲበቅል ዘሩ መጥፎ ነው ከማለት በፊት ትንሽ መቆፈር ነው፣ የተጨማደደ ነጭ ቅጠል ከተገኘ ችግሩ ጥልቀቱ ነው። ለዚህ ብለው አርኤችቲ8 የሚባለውን ሌላ የማሳጠሪያ ጂን የሚመርጡ አሉ፣ እሱ አገዳውን ያሳጥራል፣ ለጂበረሊን መልስ መስጠቱን ግን አያጠፋም፣ ሽፋኑም ረጅም ይቀራል።

ጤፍም ማዳበሪያ ሲበዛለት ይጋሸባል። ተክሉ ጂበረሊን እንዳይሰራ የሚያግድ ፓክሎቡትራዞል የሚባል ኬሚካል ጤፍ ላይ ተሞክሮ ቁመቱን ቀንሷል፣ ግን ያ በየምርት ዘመኑ የሚገዛና የሚረጭ ነገር ነው፣ ጂን ከሆነ ግን ገበሬው ከዘሩ ጋር አብሮ ያገኘዋል።