አዲስ አክሲዮን ሲወጣ የነባሩ አክሲዮን ዋጋና የቅድሚያ መብት

ሰንጋ ተራና አካባቢው የባንክ ዋና መሥሪያ ቤቶች ሰፈር ነው። እዚያ ያሉ ባንኮች ካፒታል ማሳደግ ሲፈልጉ መጀመሪያ የሚጠይቁት ነባር ባለአክሲዮኖችን ነው። በያዛችሁት መጠን አዲስ አክሲዮን ግዙ ይሏቸዋል። ዋጋው ብዙ ጊዜ አክሲዮኑ ላይ የተጻፈው የመነሻ ዋጋ ነው። አክሲዮኑ ገበያ ላይ ከዚያ በላይ የሚያወጣ ከሆነ፣ ይህ በቅናሽ የመግዛት ዕድል ራሱ ዋጋ አለው። የቅድሚያ መብት የሚባለው እሱ ነው።

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቶ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆኗል። እንዲህ ያለ ገበያ ላይ ዋጋ በይፋ ስለሚታይ የመብቱን ዋጋ ማስላት ይቻላል። ገበያው ላይ ያልተመዘገበ ባንክ ሲሆን ግን ከባድ ነው። ሰው ከሰው ሲገዛ የሰማነውን ዋጋ ይዘን መገመት ብቻ ይቀረናል።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። የአንድ ባንክ አክሲዮን ገበያ ላይ 1,600 ብር ያወጣል እንበል። ባንኩ በየ4 ነባር አክሲዮን 1 አዲስ በ1,000 ብር አቀረበ። 4 አክሲዮን ያለው ሰው 6,400 ብር የሚያወጣ ንብረት ይዟል። 1,000 ብር ጨምሮ አዲሱን ሲገዛ በድምሩ 7,400 ብር የሚያወጡ 5 አክሲዮኖች ይኖሩታል። ለ5 ሲካፈል 1,480 ብር ይመጣል። መብቱ ከነባሩ አክሲዮን ከተለየ በኋላ አንዱ አክሲዮን ያወጣል ተብሎ የሚጠበቀው የስሌት ዋጋ ይህ ነው።

```
T = (N × P + S) / (N + 1)
R = P − T
```

N አንድ አዲስ ለመግዛት የሚያስፈልገው የነባር አክሲዮን ብዛት ነው። P የገበያው ዋጋ፣ S የአዲሱ መሸጫ፣ T የስሌት ዋጋው፣ R ደግሞ በአንድ ነባር አክሲዮን ላይ ያለው መብት ነው። በምሳሌያችን R 120 ብር ነው።

ሰው የሚምታታበት እዚህ ላይ ነው። አንዱ መብቱ 120 ብር ነው ሲል ሌላው የለም 480 ነው ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። 120 ብር በአንድ ነባር አክሲዮን ላይ ያለው ነው። 480 ብር ደግሞ አንድ ሙሉ አዲስ አክሲዮን ለመግዛት የሚያስፈልጉት የ4 መብቶች ድምር ነው፤ 1,480 ሲቀነስ 1,000 ማለት ነው። ስለዚህ ዋጋ የሚጠራላችሁን ሰው የስንት አክሲዮን መብት እንደሆነ ጠይቁት። አለዚያ በአራት እጥፍ ትሳሳታላችሁ።

አሁን 40 አክሲዮን ያላቸውን እናት እናስብ። የያዙት 64,000 ብር የሚያወጣ ነው። 10,000 ብር ከፍለው 10 አዲስ ቢገዙ 50 አክሲዮን፣ 74,000 ብር ይሆናል። ከኪሳቸው የወጣው ሲቀነስ ያው 64,000 ነው። መብቱን ማስተላለፍ ተፈቅዶ ሁሉንም ቢሸጡ 4,800 ብር ይቀበላሉ። 40ዎቹ አክሲዮኖች 59,200 ያወጣሉ፤ ድምሩ አሁንም 64,000 ነው። ጥሬ ገንዘብ ከሌላቸው 28 መብት ሸጠው 3,360 ብር ያገኛሉ። በቀሩት 12 መብቶች 3 አዲስ አክሲዮን በ3,000 ብር ይገዛሉ፤ 360 ብርም ይተርፋቸዋል። ሒሳቡ እዚህም አይለወጥም። የሚለወጠው ከባንኩ ያላቸው ድርሻ ነው። አዲሱን ሙሉ በሙሉ ካልገዙ ድርሻቸው ይቀንሳል።

የሚጎዱት ግዙ የሚለውን የባንኩን ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ከትተው የመግዣው ቀን ካለፈባቸው ነው። 59,200 ብር ብቻ ይቀራቸዋል። 4,800 ብሩ በቅናሽ ለገዙት ሌሎች ሄደ ማለት ነው። መብቱ በማይሸጥበት ቦታ ደግሞ አቅም ያነሰው ሰው ሳይወድ በግድ እዚሁ ላይ ይወድቃል። ለእኔ የመነሻ ዋጋ ሽያጭ ዋናው ችግር ይሄ ነው። ቅናሹ በሰፋ ቁጥር ያልገዛው የሚያጣው ይጨምራል።

አንድ ነገር ደግሞ ስሌቱን ያዛባል። እኛ አገር አዲስ አክሲዮን የመጀመሪያውን ዓመት ትርፍ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ከተከፈለበት ቀን ጀምሮ ተሰልቶ ነው። በምሳሌያችን አዲሱ ከነባሩ 100 ብር ያነሰ የትርፍ ድርሻ ያገኛል እንበል። ያን ጊዜ 100 ብሩን መሸጫው ላይ ደምሩት፤ S 1,100 ይሆናል። T 1,500 ይመጣል፤ መብቱም ከ120 ወደ 100 ብር ይወርዳል። አዲሱ አክሲዮን ትርፉ እስኪከፈል ድረስ 1,400 ብር ነው የሚያወጣው።

T የነገ ዋጋ ትንቢትም አይደለም። ባንኩ የሰበሰበውን ብር ብልሹ ብድር ላይ ያውለዋል ብሎ ገበያው ከፈራ፣ ዋጋው ከ1,480 በታች ይወርዳል። 1,000 ብር ድረስ ከወረደ ደግሞ መብቱ ባዶ ነው፤ በዚያው ዋጋ ከገበያ መግዛት ይቻላላ።