የሚታይ የፊት ልዩነት ምንድን ነው? ትኩር ብሎ የሚያይ ሰው ሲያጋጥምስ?

የሚታይ የፊት ልዩነት የሚባለው በአፈጣጠር፣ በሕመም፣ በቃጠሎ ወይም በአደጋ ምክንያት ፊት ላይ የቀረና ሌላ ሰው በመጀመሪያ እይታ የሚያስተውለው ጠባሳ፣ ምልክት ወይም የቅርጽ ለውጥ ነው። ተሰንጥቆ የተወለደ ከንፈር፣ የእሳት ጠባሳና ለምጽ ሁሉም በዚህ ስም ይጠቃለላሉ። ይህ ጽሑፍ ግን የሚያተኩረው በአገራችንም በሚገኘው ኖማ በተባለ በሽታ ጠባሳ ላይ ነው።

ኖማ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ከ2 እስከ 6 ዓመት የሆናቸውን፣ በምግብ እጥረት የተጎዱና እንደ ኩፍኝ ባለ ሕመም አቅማቸው የተዳከመ ሕፃናትን ነው። ድድ ላይ በቁስል ይጀምርና በጥቂት ቀናት ውስጥ ጉንጭን፣ ከንፈርንና የመንጋጋን አጥንት ይበላል። ገና ድድ ላይ ሳለ በአንቲባዮቲክ፣ አፍን በማጽዳትና በተመጣጠነ ምግብ ሊገታ የሚችል ቢሆንም፣ ሳይታከሙ ከቀሩት ሕፃናት አብዛኞቹ ይሞታሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ኖማን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ ያስገባው በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነበር። ከበሽታው የተረፈ ሰው ጉንጩ ተቦርቡሮ፣ ከንፈሩ ተጎትቶ፣ አንዳንዴም መንጋጋው ተቆልፎ ያድጋል። ቀዶ ሕክምና አፍ እንዲከፈትና ቀዳዳው እንዲሸፈን ይረዳል፤ ጠባሳውን ግን ፈጽሞ አያጠፋውም። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ይህን መናገር የሚያስፈልገው ታክሲ ውስጥ ጠባሳው ካለባት ሴት አጠገብ ተነሥቶ ሌላ ወንበር የሚፈልግ ሰው ስላለ ነው።

ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ዓይን በልማድ የሚያርፈው በዓይንና በአፍ አካባቢ ነው፤ ያልለመደው ነገር ሲያጋጥመው ደግሞ እዚያው ይቆያል። የመጀመሪያዋ ቅጽበት ከፈቃዳችን ውጭ ስለሆነች ማንንም አታስወቅስም። የሚጎዳው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው፦ ዞሮ ደግሞ ማየት፣ ጎረቤትን በክርን መጎሰም፣ ከንፈር መምጠጥ፣ «እግዜር ይማርሽ» ማለት፣ ሳትለምን ሳንቲም መዘርጋት። የመጨረሻዎቹ ከርኅራኄ የሚመነጩ መሆናቸውን አልክድም፤ ነገር ግን ለሥራ የምትሄደዋን ሴት በመንገድ ላይ ታማሚና ተመጽዋች ያደርጓታል። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ መሸፈን የምትለምደውም በዚህ የተነሣ ነው፤ መሸፈኑ ለዕለቱ ያሳርፋል፣ ሳይሸፈኑ መውጣትን ግን ቀን በቀን ይበልጥ ያስፈራል።

በ18 ዓመቱ በመኪና ቃጠሎ ፊቱ የተጎዳው እንግሊዛዊ ጄምስ ፓርትሪጅ በ1992 እ.ኤ.አ. ቼንጂንግ ፌስስ የተባለ ድርጅት አቋቁሞ፣ ሰው ሲያፈጥ ምን ማድረግና ምን ማለት እንደሚቻል አስቀድሞ መዘጋጀትን ያስተምር ነበር። ዘዴው እዚህም ይሠራል። ለምሳሌ አንዲት ወጣት ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣ፣ አጠገቧ ያሉ እናት አትኩረው ያዩዋታል እንበል። አንገቷን ከመድፋት ይልቅ ዓይናቸውን አይታ «እንደምን አደሩ» ትላለች፤ ብዙ ሰው በዚህ ብቻ ወደ ራሱ ይመለሳል። «ልጄ፣ ፊትሽን ምን ነካሽ?» ካሏት ደግሞ «ልጅ ሆኜ አሞኝ ነበር እናቴ፣ አሁን ደህና ነኝ። ይሄ ታክሲ መገናኛ ይገባል?» ብላ ትመልሳለች። መልሱ አጭር ነው፤ ጥያቄውን ይዘጋል፣ የእሳቸውን ድንጋጤ ያረግባል፣ ወሬውንም ወደ መንገዱ ይወስደዋል። ይህን ዓረፍተ ነገር ቤት ውስጥ ጮክ ብሎ ደጋግሞ መለማመድ ያስፈልጋል፤ ሰው ፊት በድንጋጤ መካከል አዲስ ቃል መፈለግ ከባድ ነውና። ሲደክማት «ስለእሱ ማውራት አልፈልግም» ማለትም ሙሉ መልስ ነው፤ ታሪኳን ለማንም መንገደኛ የመተረክ ግዴታ የለባትም። ሊሰድብ ወይም ሊያላግጥ የተነሣ ሰው ግን በሰላምታ አይመለስም፤ ከእሱ ዞር ማለት ወይም ረዳቱን መጥራት ይሻላል።

ከማያውቋት ሰዎች የሚጠበቀው ብዙ አይደለም። ዓይንዎ ፊቷ ላይ ከቀረ በድንገት ፊትዎን አያዙሩ፤ ይህም እንደ ማፍጠጥ ያቆስላል። ለማንም እንደሚያደርጉት አንገትዎን ዝቅ አድርገው ሰላም ይበሉ። ንግግሯ በመንጋጋዋ ምክንያት ካልተሰማዎት የገባዎ ከመምሰል ይልቅ እንድትደግመው ይጠይቁ፤ የታክሲ ሒሳቧንና መውረጃዋን አብራት ያለችውን ጓደኛዋን ሳይሆን እሷን ይጠይቁ። ምክንያቱን መስማት የሚገባዎት ራሷ ስታነሣው ነው። ልጅዎ ጣቱን ቀስሮ «እማዬ፣ ይቺ ምን ሆና ነው?» ካለ አፉን አይያዙ፣ አይቆንጥጡትም፤ ልጁ ከዚያ የሚማረው ያ ፊት የሚያስፈራ ነገር መሆኑን ነው። በተለመደው ድምፅዎ «የሰው ፊት የተለያየ ነው፤ ጣት አይቀሰርም፣ ሰላም በላት» ይበሉት፤ እሷም ብዙውን ጊዜ ሰላምታውን ትመልስለታለች።