«የወንዱን ስጠኝ» ለምትሉ የሽቶ ደንበኞቼ

«ይሄማ የሴት ነው፤ የወንዱን ስጠኝ።»

ጎንደር ፒያሳ ሽቶ ስሸጥ ከ«ስንት ነው?» ቀጥሎ የምሰማው ይሄንኑ ነው። አሁንስ ሰለቸኝ። ሊናሎል የሚባል መዓዛ አለ። ላቬንደር ውስጥ አለ፤ እናቶቻችን በርበሬ ላይ የሚጨምሩት ድንብላል ውስጥም ሞልቷል። የወንድ የተባለውም የሴት የተባለውም ሽቶ ውስጥ ይገባል። በርበሬውን የወንድ ነው የሴት ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም።

አምራቾቹ ለወንድ እንጨትና ቅጠላ ቅጠል፣ ለሴት አበባና ፍራፍሬ ያበዛሉ፤ አልክድም። ግን ልማድ ነው። በፈረንጆቹ 1889 የፈረንሳዩ ሽቶ አምራች ጌርሌን ያወጣውን «ጂኪ» ወንዱም ሴቱም ተቀብቶታል። የዓረብ ወንዶችም ጽጌረዳን ኡድ ከሚባለው መዓዛማ እንጨት ጋር ሲቀቡ ኖረዋል፤ ማንም አልሳቀባቸውም።

ባለፈው ጥር አንድ ሙሽራ ከእህቱ ጋር መጣ። ሁለት ወረቀት ላይ ረጨሁና ጀርባቸው ላይ «ሀ» እና «ለ» ብዬ ጻፍኩ። ጠርሙሶቹን ደበቅኩ። ሳያቅማማ ጽጌረዳና ኡድ ያለበትን «ለ»ን መረጠ። ሮዝ ካርቶኑን ሳወጣ «እንዴ! ይሄማ የሴት ነው» አይለኝም?

«አንተው አይደለህ እንዴ የመረጥከው?» አለችው እህቱ።

ክንዱ ላይ አንዴ ረጨሁለትና «ሳታሸው ፋሲል ግቢን ዞረህ ና» አልኩት። ሲመለስ ጽጌረዳው ረግቦ እንጨቱ ወጥቷል። ገዛው። ካርቶኑን ግን እኔው ጋ ትቶ ሄደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሎሚና ብርቱካን መሰል ሽታዎች ቶሎ ይተናሉ። አበባና ቅመም ይከተላሉ። እንጨት፣ ከርቤና ቫኒላ ዓይነቱ መጨረሻ ላይ ይቀራል። ሱቅ ቆማችሁ የምትፈርዱት በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው፤ ሰርግ ቤት የሚሸተው ግን የመጨረሻው ነው። ስለዚህ በወረቀት ለዩ፤ በቆዳ ወስኑ። በአንድ ቀን ከሦስት በላይ አትሞክሩ፤ አፍንጫ ይደክማል። የምትቀቡትም በምን ሰዓት እንደሆነ አስቡ። በጎንደር ብርድ ጠዋት ድምፁ የጠፋው ሽቶ ቀትር ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ሊያፍን ይችላል። ደግሞ ነጭ ነጠላ ላይ አትርጩት፣ ቀለም ያለው ሽቶ ያበላሸዋል።

ሌላም ትሉኛላችሁ፦ «ለሁለቱም ፆታ የሚባለው ዩኒሴክስ የወንዱና የሴቱ ቅልቅል ነው።»

ጽሑፍ ያልተለጠፈበት ሽቶ ነው በሉት።

«የወንድ ሽቶ ነው የሚቆየው።»

የሚቆየው እንደ ይዘቱና እንደ ሽቶ ዘይቱ መጠን ነው። ኦ ደ ቱዋሌት ባብዛኛው ከ5 እስከ 15 በመቶ፣ ኦ ደ ፓርፋም ደግሞ ከ15 እስከ 20 በመቶ ገደማ የሽቶ ዘይት አለው። የወንድ የሚባሉት ብዙዎቹ የሚመጡት እንዲያውም በቀጭኑ፣ በኦ ደ ቱዋሌት ነው። በትልቁ ከተጻፈው «ለወንድ» ይልቅ ከታች በትንሹ የተጻፈችውን አንብቡ።