ነጥቡ ሞልቶ ጋብቻው ለምን ይቀራል?

በህንድ ሂንዱዎች ዘንድ ከጋብቻ በፊት የሁለቱ ኮከብ ይመሳከራል። እኛ አገር ኮከብ የሚቆጠረው ከራስና ከእናት ስም ነው። እነሱ ግን የሚያዩት ልጁ ሲወለድ ጨረቃ የት እንደነበረች ነው። የጨረቃ መንገድ በ27 ናክሻትራ ይከፈላል። ስምንት መመዘኛዎች አሉ፣ ድምራቸው 36 ነጥብ ነው። በተለምዶ 18 ያገኘ ያልፋል።

ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነው። ከስምንቱ መመዘኛዎች ናዲ ብቻውን 8፣ ባኩት ደግሞ 7 ነጥብ ይይዛሉ። ናክሻትራዎቹ በሦስት ናዲ ይመደባሉ። ጥንዶቹ አንድ ናዲ ላይ ከወደቁ ውጤቱ ዜሮ ነው፤ ለጤናና ለልጅ አይበጅም ይባላል። ባኩት የሚያየው ሲወለዱ የሁለቱ ጨረቃ ባረፈችባቸው ኮከቦች መካከል ያለውን ርቀት ነው።

የወንዱ ናክሻትራ አሽዊኒ፣ የሴቷ ሃስታ ነው እንበል። ሁለቱም ከሦስቱ ናዲዎች አንዱ በሆነው በአዲ ይመደባሉ፣ ስለዚህ 8 ነጥብ ሄደ። አሽዊኒ በሐመል፣ ሃስታ በሰንቡላ ውስጥ ነው። ከሐመል ስንቆጥር ሰንቡላ 6ኛ ነው፣ ከሰንቡላ ስንቆጥር ደግሞ ሐመል 8ኛ። 6 እና 8 ከተከለከሉት ርቀቶች አንዱ ነውና 7 ነጥብም ሄደ። ለሌሎቹ ስድስት መመዘኛዎች የሚቀረው 21 ነጥብ ነው። እንዲህ ሁለቱን ያጡ ጥንዶች ከዚያ ውስጥ 18 አግኝተው ማለፊያውን ቢያልፉም ብዙ ቤተሰብ እሺ አይልም።

ማምለጫም አለ። ሐመልና አቅራብ ርቀታቸው ያው 6 እና 8 ነው፤ ግን የሁለቱም ገዢ ማርስ ስለሆነች የባኩቱ ችግር ይሻራል። ናክሻትራቸው አንድ ሆኖ ጨረቃ የነበረችበት የናክሻትራው ሩብ ከተለያየም ብዙ ቆጣሪዎች ናዲውን ያልፉታል። አንዳንዶች ናዲን ከደም ዓይነት ጋር ያያይዙታል። ይህ በፍጹም ልክ አይደለም፤ የልጅ ጤና የሚያሳስበው ሰው የሚሄደው ሐኪም ዘንድ ነው።